አንድ ጨዋታ ሲሰረዝ የአራት ጨዋታ ቲኬት ሂሳብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው

ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ዳራ የተባለው አውሎ ነፋስ የኤቨርተንና የሊቨርፑልን ጨዋታ አስተጓጎለ። አራቱም ያሸንፋሉ ብሎ በአራት ጨዋታ የውርርድ ቲኬት የቆረጠ ሰው አለ እንበል፦ ሊቨርፑል በ1.60፣ አስቶን ቪላ በ1.40፣ ብሬንትፎርድ በ2.50፣ ቼልሲ በ2.00። ኦዶቹን፣ ማለትም የተመደበው ብር የሚባዛባቸውን ቁጥሮች፣ ለስሌት እንዲመቹ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። የተመደበው 100 ብር ነው። አራቱ ሲባዙ 11.20 ስለሚመጣ ቲኬቱ ላይ 1,120 ብር ተጽፏል።

ቪላ፣ ብሬንትፎርድና ቼልሲ አሸነፉ። ሊቨርፑል ግን አልተጫወተም።

የመጀመሪያው ስህተት ቲኬቱን ቀዶ መጣል ነው። የተሰረዘ ጨዋታ የተሸነፈ ጨዋታ አይደለም። ኦዱ 1.00 ይሆናል፣ ማለትም ሂሳቡን አይጨምርም፣ አይቀንስም። ዜሮ ብሎ የሚያባዛ ግን ሁሉንም ያጠፋል። የቀሩት ሦስቱ ግን የግድ ማሸነፍ አለባቸው፤ አንዱ ከተሸነፈ ስረዛው ቲኬቱን አያድነውም።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ሁለተኛው ነው። «ከአራቱ አንዱ ወጣ፣ እንግዲህ ሦስት አራተኛው ይደርሰኛል» ብሎ 840 ብር ይጠብቃል። ሌላው ከ11.20 ላይ 1.60ን ቀንሶ 960 ያገኛል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ኦድ የሚባዛ ነገር ስለሆነ የሚወጣውም በማካፈል ነው። 11.20ን ለ1.60 ስታካፍሉት 7.00 ይመጣል። ለማረጋገጥ የቀሩትን ሦስቱን አባዙ፦ 1.40 በ2.50፣ ከዚያ በ2.00። ያው 7.00 ነው። ስለዚህ ክፍያው 700 ብር ነው። የተሰረዘው ጨዋታ ኦድ ትልቅ በሆነ ቁጥር ክፍያው የዚያኑ ያህል ይወርዳል፤ በሊቨርፑል ፈንታ የተሰረዘው ብሬንትፎርድ ቢሆንና ሊቨርፑል ቢያሸንፍ ኖሮ ክፍያው 448 ብር ብቻ ነበር።

700 ብሩን ሁሉ ትርፍ ብሎ መቁጠርም አለ። 100ው የራሳችሁ ገንዘብ ነው፣ ትርፉ 600 ነው። ታክስ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ እጅ የሚገባው ከዚህም ያንሳል።

«ለሊቨርፑል የመደብኩትን 25 ብር መልሱልኝ» የሚልም አይጠፋም። ገንዘቡ እኮ ለአራት አልተከፋፈለም! 100 ብሩ በሙሉ በሦስቱ ጨዋታ ላይ ነው የሠራው።

ቦነስም ያታልላል። ውርርድ ቤቱ ቦነስ የሚሰጠው ከአራት ጨዋታ ጀምሮ ከሆነ ቲኬቱ ሦስት ሆኖ ሲቀር ቦነሱ ሊቀር ይችላል። ደንቡን ቀድሞ ማየት ነው።

በመጨረሻ፣ ጨዋታው ተላልፏልና እስኪደረግ ልጠብቅ ማለት። ውርርድ ቤቶች የየራሳቸው የጊዜ ገደብ አላቸው፤ በገደቡ ውስጥ ካልተካሄደ ይሰረዛል። ያ ጨዋታ የተደረገው ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 5 ነበር። የኤቨርተኑ ታርኮቭስኪ በባከነ ሰዓት አስቆጥሮ 2 ለ 2 አለቀ። ቲኬቱ እስከዚያ ድረስ ቢጠበቅ ኖሮ 700 ብሩም ይበላ ነበር።