ዳቦው በዱቄት ወተት ለምን አልነሳም?

ባሕር ዳር ትኩስ ወተት በታጣበት ቀን ዳቦው በዱቄት ወተት ተቦካ። ሊጡ በቅጡ አልነሳም፣ ላዩ ቶሎ ጠቆረ፣ ውስጡ ደግሞ የወተት ጓል ነበረበት።

መጀመሪያ ልኩን አስተካከልን። አሰራሩ የሚጠይቀው ግማሽ ሊትር ወተት ነው። ለዚህ ቅባቱ ያልወጣለት ዱቄት ወተት 65 ግራም፣ ውሃ 450 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሚዛን ከሌለ አፉ የተስተካከለ 8 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይሆናል። በዓይን ገምተን ዱቄት ወተቱን ስላበዛነው የወተቱ ስኳርም የዚያኑ ያህል በዝቶ ነው ላዩ የጠቆረው።

ጓሉ የመጣው ፈላ ያለ ውሃ ዱቄቱ ላይ በመፍሰሱ ነው። ዱቄቱን በጥቂት ለብ ያለ ውሃ እንደ ሊጥ አሽቶ፣ የቀረውን ቀስ በቀስ መጨመር፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ማሳረፍ።

ዋናው ነገር ግን ማሞቁ ነው። በቂ ሙቀት ያላገኘ የወተት ፕሮቲን የሊጡን መለጠጥ ያዳክማል። የተበጠበጠውን ወተት ዳር ዳሩ አረፋ እስኪያወጣ እያማሰሉ ማሞቅ፣ ሊፈላ ሲል ማውረድ። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል። የተነነውን በውሃ ሞልቶ ግማሽ ሊትር ማድረስ፣ ጣት እስኪችለው ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ እርሾውን መጨመር። በትኩሱ ከገባ እርሾው ይሞታል።

ኬክ ይህን ማሞቅ አይፈልግም። ቅባቱ የወጣለት ዱቄት ከሆነ ግን ለግማሽ ሊትር 50 ግራም ገደማ ይበቃል፤ የጎደለውን ቅባት 20 ግራም የገበታ ቅቤ ይተካዋል። የሕፃናት ወተት ግን አይሆንም፤ ይዘቱ ሌላ ነው።