ከወራት በኋላ ለቀድሞ ደንበኛ መልእክት ስንልክ የምንፈጽማቸው ስህተቶች

ሥራው አልቆ፣ ሒሳቡ ተዘግቶ፣ ደንበኛውም አመስግኖ ከተለያየ በኋላ ስድስትና ሰባት ወር ያለ ምንም ወሬ ማለፉ በግል ሙያ ለሚተዳደር ሰው የተለመደ ነው። ያንን ዝምታ የሚሰብረው የመጀመሪያው መልእክት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በአጻጻፍ ጉድለት ሳይሆን፣ ተቀባዩ ሲያነበው ምን እንደሚሰማው ባለማሰብ ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ፦ አዲስ አበባ የምትሠራ አንዲት የግራፊክ ዲዛይነር በየካቲት ወር ለአንድ ማር አሻጊ የግማሽ ኪሎ ሌብል ሠርታለች እንበል፤ አሁን ነሐሴ ነው፣ ከዚያ ወዲህም አልተጻጻፉም።

የበዓልን ሰላምታ የሥራ መጠየቂያ ማድረግ

ከሁሉም በላይ የሚዘወተረው ስህተት ይህ ስለሆነ በሰፊው ላንሳው። ዲዛይነሯ መስከረም 1 ቀን ጠዋት በአበባ ያሸበረቀ ምስል ልካ፣ ከሥሩ «እንኳን አደረሰዎ! ምነው ጠፉ? ሥራ ካለ አለሁ፤ ለነባር ደንበኞች 20 በመቶ ቅናሽ አድርጌያለሁ» ብትል በአንድ አጭር መልእክት ውስጥ ብዙ ነገር ይበላሻል። በዚያ ጠዋት የደንበኛው ቴሌግራም ከዘመድ፣ ከባንክና ከማኅበር በመጡ ምስሎች ስለሚጨናነቅ የእሷም ከእነዚያ እንደ አንዱ ታይቶ ያልፋል። መልእክቱ ቢነበብ እንኳ የመልካም ምኞቱ ዓላማ ሥራ መጠየቅ እንደነበረ ወዲያው ስለሚታወቅ ሰላምታው ዋጋውን ያጣል። እንደ እኔ እምነት የበዓል ሰላምታ መላክ ካለበት ምንም ሳይከተለው ብቻውን ይላክ፤ የሥራው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ቀን ይጠብቅ።

ያ ሌላ ቀን የሚመረጠው ደግሞ በላኪው የሥራ መቀዝቀዝ ሳይሆን በተቀባዩ የሥራ ወቅት ነው። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ዋናው የማር ቆረጣ አደይ አበባ ካበበ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይሆናል። ሌብል ለመንደፍ፣ ለማረምና ለማተም ሳምንታት ስለሚያስፈልጉ አሻጊው ስለ ማሸጊያ የሚያስበው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ በነሐሴ አጋማሽ የደረሰ መልእክት ገና ውሳኔ ሳይሰጥ ያገኘዋል፣ በኅዳር የደረሰው ግን ሌላ ሰው ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ይመጣል። ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ሌላ ይሆን ነበር፤ በጀት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 አዲሱ ስለሚጀምር፣ በሰኔ መጨረሻ ሒሳብ ለመዝጋት የሚራወጥን ኃላፊ ስለ አዲስ ሥራ ማነጋገር ትርፉ ድካም ነው።

የቀድሞውን ምልልስ ሳያነቡ መጻፍ

አንድም ቃል ከመጻፍ በፊት በየካቲት የተጻጻፉትን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ያስፈልጋል። እዚያ ውስጥ ደንበኛው «አንቺ» ይላት እንደነበር፣ እሷም «እርስዎ» ትለው እንደነበር ይታያል፤ ከወራት በኋላ በድንገት «አንተ» ብሎ መጀመር ድፍረት ይመስላል፣ ይቀራረቡ የነበሩ ሰዎች «እርስዎ» መባባል ቢጀምሩ ደግሞ ቅያሜ ያለ ያስመስላል። ያልተከፈለ ቀሪ ሒሳብ ወይም ያልተላከ የመጨረሻ ፋይል መኖር አለመኖሩም የሚረጋገጠው ከዚያው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካለ አስቀድሞ ለብቻው ሊዘጋ ይገባል፣ ዕዳና ናፍቆት በአንድ መልእክት አይነገሩምና። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ደንበኛው ያኔ በራሱ አንደበት ያነሳው፣ ሳይሠራ የቀረ ነገር እዚያ መገኘቱ ነው። በእኛ ምሳሌ «አንድ ኪሎውን ለአዲሱ ምርት እናቆየው» ብሎ ነበር።

«ሥራ ካለ» ብሎ ሸክሙን ለደንበኛው መተው

«የሚሠራ ነገር ካለ ንገሩኝ» የሚለው አነጋገር ትሕትና ቢመስልም ማሰቡን በሙሉ ለተቀባዩ ይተዋል። ማር አሻጊው ምን እንደሚያሠራ ራሱ መፈለግ፣ ራሱ መወሰን፣ ከዚያም መጻፍ ሊኖርበት ነው፤ ስለዚህ «እሺ፣ ካለ እንነጋገራለን» ብሎ ያልፈዋል። «ምነው ጠፉ?» ማለትም በፊት ለፊት ጨዋታ ፍቅር ያለው ቃል ሆኖ ሳለ፣ ድምፅ በማይሰማበት ጽሑፍ ላይ ወቀሳ ሊመስል ይችላል። በዚህ ፈንታ እንዲህ ብትጽፍ ይሻላል፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? በየካቲት የግማሽ ኪሎውን ሌብል የሠራሁልዎ ዲዛይነር ነኝ። ያን ጊዜ አንድ ኪሎውን ለአዲሱ ምርት እናቆየው ብለውኝ ስለነበር፣ የጥቅምቱ ቆረጣ ሳይደርስ ልናሠራው አስበው እንደሆነ ልጠይቅዎ ብዬ ነው። የፊተኛው ፋይል በእጄ ስላለ ከባዶ አንጀምርም። ዘንድሮ ባይሆንም ችግር የለውም፤ ሥራው እንዴት እየሄደልዎ እንደሆነ ብሰማ ደስ ይለኛል።»

መልእክቱ ማንነቷን ያስታውሳል፤ ይህም በየጊዜው ስልክ ለሚቀይሩና ብዙ ሰው ለሚያስተናግዱ ደንበኞች አስፈላጊ ነው። ስለ ሥራ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ሲሆን በ«አዎ» ወይም በ«ገና ነው» ሊመለስ ይችላል፤ «ባይሆንም ችግር የለውም» የሚለው ደግሞ ደንበኛው እምቢ ለማለት እንዳያፍር ያደርገዋል። እምቢ ለማለት ያፈረ ሰው የሚመርጠው ዝምታን መሆኑን ልብ ይሏል። መልእክቱ በዚያው በቀድሞው የውይይት መስኮት ቢላክ ከላይ ያለው ምልልስ አብሮ ስለሚታይ ለማስታወስ ይቀለዋል።

በጎ ለመምሰል ስህተት መንቀስ

ነገሩን በሌላ መልክ እንየው፦ ዲዛይነሯ መልእክቷን ከመላኳ በፊት በአንድ ሱፐርማርኬት አዲሱን የአንድ ኪሎ ማሸጊያ አየች እንበል፤ የግማሽ ኪሎው ሌብል ተለጥጦ ስለታተመበት ክብደቱንና የማብቂያ ቀኑን የሚገልጹት ፊደላት ደብዝዘዋል። ይህንን የመልእክቷ መክፈቻ ለማድረግ መጓጓቷ አይቀርም፣ ሆኖም ከወራት ዝምታ በኋላ የመጣ የመጀመሪያ ቃል ነቀፋ ከሆነ ተቀባዩ መከላከል ይጀምራል። ምናልባት ለማተሚያ ቤቱ ያንን ያዘዘው እሱ ራሱ ይሆናል። «አንድ ኪሎውን ገበያ ላይ አየሁት፣ እንኳን ደስ አለዎ» ብትል በቂ ነው፤ የፊደሉ ጉዳይ ውይይቱ ከተከፈተ በኋላ «የማብቂያ ቀኑ ጎልቶ እንዲነበብ ለዚህኛው መጠን የራሱን ሌብል ብናዘጋጅለት» ተብሎ በመፍትሔ መልክ ይነሳል።

ዋጋን አስቀድሞ ማንሳት

ያልተጠየቀ ቅናሽ የቀድሞው ዋጋ የተጋነነ ነበር ወይ ያሰኛል። «በድሮው ዋጋ እሠራለሁ» ማለትም የራሱ አደጋ አለው፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚመጣ ወረቀትና ቀለም የሚሠራ የኅትመት ዋጋ ከወራት በፊት በነበረው አይገመትም። የንድፉንና የኅትመቱን ዋጋ ለያይቶ ማቅረብ የሚገባው ደንበኛው ብዛቱን ከተናገረ በኋላ ነው።

መልስ ሲዘገይ መጨቅጨቅ

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች ብቅ እንዳሉ በዚያው ቀን መደወል ወይም የጥያቄ ምልክት መላክ መልካሙን አጀማመር ያበላሻል። ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቆ አንድ አጭር ማስታወሻ መላክ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላም ዝም ካለ እስከ ቀጣዩ የሥራ ወቅት መተው ነው። «ከመስቀል በኋላ እንነጋገር» የሚል መልስ ከመጣ ግን ቀኑን መዝግቦ፣ በዚያው ሳምንት «ከመስቀል በኋላ ብለውኝ ነበር» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው፤ ቀጠሮውን የሰጠው ደንበኛው ራሱ ስለሆነ ይህ እንደ ጭቅጭቅ አይቆጠርም።