12.9 ብሎን ዚንክ ተቀብቶ ኋላ እንዳይበጠስ

ማታ አጥብቄ የሄድኩት ብሎን ጠዋት ስመለስ ጭንቅላቱ ወለል ላይ ወድቆ ነበር። ማሽኑ ገና አልተነሳም፣ ማንም አልነካውም። ከስድስቱ ሁለቱ ናቸው እንዲህ የሆኑት። መጀመሪያ ከመጠን በላይ ያጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። በዚያ ቢሆን ግን ሲጠብቅ እጄ ላይ በተበጠሰ፣ ብረቱም ተስቦ በቀጠነ ነበር። ይሄኛው ምንም ሳይሳብ ነው እንደ ሸክላ የተሰበረው። ጥፋቱ ሃይድሮጅን ነው።

መጀመሪያ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። 8.8 ከሆነ በዚህ አትጨነቁ። 12.9 ከሆነ ግን ብረቱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይመለከታችኋል።

ዝገቱን በአሲድ አታጽዱ። እኔ የሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ አሲድ ውስጥ አሳደርኳቸው። አሲድ ብረት ሲበላ ሃይድሮጅን ይወጣል። አብዛኛው አረፋ ሆኖ ይሄዳል፣ ጥቂቱ ግን ብረቱ ውስጥ ይገባል። በአሸዋ ንፊያ ወይም በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ይሻላል።

ዚንኩ በኤሌክትሪክ ሲቀባም ሃይድሮጅን ይገባል። ይባስ ብሎ ዚንኩ እንደ ክዳን ሆኖ መውጫውን ይዘጋበታል።

ብሎኑ ሳይጠብቅ ቢቀመጥ ምንም ላይታይበት ይችላል። ሲጠብቅ ግን ሃይድሮጅኑ ቀስ እያለ ብረቱ በጣም ወደተወጠረበት ይሰበሰባል። ቦታው ከጭንቅላቱ ሥር ወይም ዳዶው የያዘው የመጀመሪያው ጥርስ ነው። እዚያ የብረቱን ቅንጣቶች ትስስር ያላላል፣ ትንሽ ስንጥቅ ይከፈታል። የስንጥቁ ጫፍ ደግሞ ይበልጥ ስለሚወጠር ሌላ ሃይድሮጅን ይስባል። ሰዓታት ወይም ቀናት የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ እንደተቀባ በ4 ሰዓት ውስጥ ምድጃ ውስጥ ይግባ። ሙቀቱ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ለ12.9 እኔ ሙሉ 24 ሰዓት አቆየዋለሁ። ሰዓቱን መቁጠር የምትጀምሩት ምድጃው ሲሞቅ ሳይሆን መሀል ያለው ብሎን ራሱ ሲሞቅ ነው። ዚንኩ ላይ የሚደረበው ቢጫው ማጠናቀቂያ ከዚህ በኋላ ይምጣ፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል። አንዴ የተሰነጠቀውን ብሎን ግን ማሞቅ አያድነውም።

ከዚያ ጥቂቶቹን ለናሙና ወፍራም ብረት ላይ አጥብቃችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ። አንድ እንኳ ከተበጠሰ ሁሉንም ጣሉ።

ውጭ ለሚቆም ሥራ ግን ይህም አይበቃም፤ እርጥበትና ዝገት በኋላም ሃይድሮጅን ያስገባሉ። በፈረንጆቹ 2013 በሳን ፍራንሲስኮና በኦክላንድ መካከል ባለው አዲሱ ድልድይ፣ ዚንክ ከተቀቡ 96 ወፋፍራም የብረት ዘንጎች 32ቱ በተወጠሩ በቀናት ውስጥ ተበጠሱ። ከመወጠራቸው በፊት ለዓመታት ውሃ በሚያቁር ቀዳዳ ውስጥ ቆመው ነበር። ውጭ ከሆነ እኔ ቀዳዳውን አስፍቼ በ12.9 ኤም 16 ፈንታ 8.8 ኤም 22 አስገባለሁ። የሚሸከመው ጭነት እንደውም ይበልጣል።