የመዝሙር መድበል ማውጫ ሲዘጋጅ የሚሠሩ ስህተቶች

መድበል የሚገልጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገውን መዝሙር የሚያውቀው በጆሮው ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ሰምቶታል፣ ምናልባትም ግማሹን ብቻ ያስታውሰዋል፤ በየትኛው «ሰ» ወይም በየትኛው «አ» እንደተጻፈ ግን አያውቅም፣ ሊያውቅም አይገባውም። ለኅትመት የሚላኩ ረቂቆችን ሳርም ደጋግሜ የማገኘውና ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ስህተት ከዚህ ይጀምራል፤ አዘጋጁ ስንኞቹን በኮምፒውተር በፊደል ተራ ያስደረድርና የወጣለትን ዝርዝር ማውጫ ብሎ ያትመዋል።

ኮምፒውተሩ የሚከተለው ተራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያለ የሚሄደውን ነው። ስለዚህ አንዱ መዝሙር «ሠላም» ሌላው «ሰላም» ብሎ ቢጀምር፣ በ«ረ» የሚጀምሩት መዝሙሮች በሙሉ በመካከላቸው ይገባሉ። በ«አ» እና በ«ዐ» መካከል ደግሞ ከ፣ ኸ እና ወ አሉ። «ዓለም» የሚለውን ስንኝ የሚፈልግ ሰው «አ» ሥር አይቶ ካጣው መዝሙሩ በመድበሉ የለም ብሎ ይደመድማል፤ ሁለት ዓምድ አልፎ እንደገና የሚፈልግ አንባቢ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። «ኀ»ማ ከ«ቸ» ቀጥሎ ስለምትመጣ «ኀይል»ን ከ«ሀ» አጠገብ የሚጠብቅ ሰው ፈጽሞ አያገኘውም። አዘጋጆች ይህን ስነግራቸው «ፊደሉ እንደዚያ ነው» ይሉኛል። ፊደሉስ እንደዚያ ነው፤ ማውጫው ግን የተሠራው ለፊደሉ ሳይሆን ለሚፈልገው ሰው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስንኞቹን በኮምፒውተር ሠንጠረዥ በአንድ ዓምድ እንደተጻፉ ያስቀምጡ፤ በጎኑ ሁለተኛ ዓምድ ከፍተው ቅጂውን ይለጥፉና፣ በቅጂው ላይ ብቻ፣ የሐ እና የኀ ዘሮችን ወደ ሀ፣ የሠን ወደ ሰ፣ የዐን ወደ አ፣ የፀን ወደ ጸ ይለውጡ። እያንዳንዱ ዘር ሰባት ፊደል ስላለው ለውጦቹ 35 ይሆናሉ። በአማርኛ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በድምፅ ስለማይለዩ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይግባ፤ ሓ እና ኃ ወደ ሀ፣ ዓም ወደ አ ይግቡ። «ቍ» እና «ጕ» ካሉም ወደ «ቁ» እና «ጉ» ይመለሱ። ከዚያ ሠንጠረዡን በሁለተኛው ዓምድ ይደርድሩና የሚታተመውን ከመጀመሪያው ዓምድ ይውሰዱ። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ስንኝ ገጣሚው እንደጻፈው ይታተማል፣ የሚቀመጠው ግን ጆሮ በሚጠብቀው ቦታ ነው።

ለውጡን በቅጂው ላይ ብቻ ያድርጉ ያልኩት በምክንያት ነው። በሁለተኛው መድበሌ «ፈልገህ ተካ» የሚለውን ትእዛዝ በሠንጠረዡ ምትክ በመጽሐፉ ሙሉ ጽሑፍ ላይ ሰጠሁና «ፀሐይ» የተባለው ሁሉ «ጸሀይ» ሆነ፤ ያወቅሁትም የመጀመሪያው ረቂቅ ኅትመት ከማተሚያ ቤት ሲመለስ ነበር። ንጹሕ ቅጂ ባላስቀምጥ ኖሮ የገጣሚዎቹን አጻጻፍ መመለሻ አልነበረኝም።

በቃላት መካከል አንዱ ጸሐፊ ሁለት ነጥብ (፡) ሌላው ባዶ ቦታ ተጠቅሞ ከሆነም በሁለተኛው ዓምድ አንድ ያድርጓቸው፤ አለበለዚያ በአንድ ዓይነት ቃል የሚጀምሩ ስንኞች ይለያያሉ። በጥቅስ ምልክት የሚጀምር ስንኝ ከዝርዝሩ አናት ላይ ብቻውን ቢቆም ምክንያቱ ምልክቱ ነው።

ሁለተኛው ስህተት አዝማቹን መርሳት ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ደጋግሞ የዘመረውን አዝማች እንጂ የመጀመሪያውን አንጓ አይደለም፤ ስለዚህ የአዝማቹ መነሻ ስንኝ «አዝ» የሚል ምልክት ተደርጎበት በዚያው የፊደል ተራ ውስጥ ይግባ። 200 መዝሙር ባለው መድበል 140ዎቹ አዝማች ቢኖራቸው ማውጫው 340 መስመር ይሆናል፤ በገጽ ሁለት ዓምድ፣ በዓምድ 40 መስመር ቢታሰብ ከአራት ገጽ ጥቂት ያልፋል። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ አዝማቾቹን የሚያስወጣ አዘጋጅ የሚያተርፈው ሁለት ገጽ ያህል ነው፤ አይጠቅምም።

በትክክል የተደረደረ ማውጫ ሌላም ነገር ያሳያል። አንድ መዝሙር በ«ዓለም» እና በ«አለም» ሁለት ጊዜ ተጽፎ ከገባ፣ ሁለቱ መስመሮች አጠገብ ለአጠገብ ስለሚቆሙ ወዲያውኑ ይታያል። አንድ ጊዜ እኔም እንዲህ ያለ ድግግሞሽ በመጨረሻው ረቂቅ ላይ አገኘሁና ገጽ 63 ላይ የነበረውን ባለ አንድ ገጽ መዝሙር አስወጣሁ። የገጽ ቁጥሮቹን ግን በማውጫው ላይ በእጄ ጽፌያቸው ነበር። ክፍሉ ከገጽ 57 እስከ 88 የሚዘልቅ ሲሆን ቀጣዩ ክፍል በቀኝ በኩል፣ ማለትም በጎዶሎ ቁጥር ገጽ እንዲጀምር ስለተወሰነ ከ89 ይነሣል። አንድ ገጽ ሲወጣ ከ64 እስከ 88 የነበሩት መዝሙሮች እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ገጽ 88 ባዶ ሆነ፣ ቀጣዩ ክፍል ግን ከ89 አልተነቃነቀም። እኔም ከመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ ዐሥር መዝሙሮች መርጬ አመሳከርሁ፤ ሁሉም ልክ ስለነበሩ እንዲታተም ፈቀድሁ። በመካከል ያሉት የ25 ገጽ መዝሙሮች በማውጫው ላይ ተሳስተው ወጡ፣ በየመጽሐፉም የእርማት ወረቀት ማስገባት ግድ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የገጽ ቁጥር በእጄ አልጽፍም። የእያንዳንዱ መዝሙር መነሻ ስንኝ በገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ለመነሻ ስንኞች ብቻ የተለየ የጽሑፍ ስልት ይሰጠዋል፣ ቁጥሩንም ፕሮግራሙ ይሞላዋል። ያም ሆኖ የመጨረሻው ረቂቅ ሲመጣ አንዱ ሰው ማውጫውን እያነበበ ሌላው መጽሐፉን እየገለጠ እያንዳንዱ መስመር ይመሳከራል፤ ናሙና መውሰድ አይበቃም። ማውጫውን ከመጽሐፉ ፊት የሚያስቀምጡ ከሆነ የፊቱን ገጾች በሌላ ዓይነት አኃዝ ይቁጠሩ፣ ማውጫው አንድ ገጽ ሲጨምር መዝሙሮቹ እንዳይገፉ። መዝሙሮቹ ተራ ቁጥር ካላቸው ደግሞ ማውጫው የገጽ ቁጥርን ብቻ ይስጥ፤ ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ ያዩ ሰዎች «47» ሲባል ግማሹ ገጽ 47ን፣ ግማሹ 47ኛውን መዝሙር ይገልጣል።

የርእሰ ጉዳይ ማውጫው ላይ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በልግስና ነው፣ ይህንንም በሙሉ ልብ ይቅር እላለሁ። መዝሙሩ ውስጥ «ዝናብ» የሚል ቃል ስላገኙ «ዝናብ» የሚል ርእስ ይከፍታሉ፤ መዝሙሩ ግን የሚናገረው ስለ ትዕግሥት ሊሆን ይችላል። ርእስ የሚመረጠው ሙሉውን ግጥም አንብቦ፣ ሰው መዝሙሩን መቼ እንደሚፈልገው አስቦ ነው፤ ለሠርግ፣ ለሐዘን፣ ለምስጋና፣ ለስንብት። ለአንድ መዝሙር ከሦስት ርእስ በላይ አይስጡ። አንድ መዝሙር ብቻ የያዘ ርእስ ካለ ከቅርቡ ጋር ያዋሕዱትና በቀድሞው ስም ቦታ ላይ «ስንብትን ይመልከቱ» ብለው ወደ አዲሱ ይምሩ። «ልዩ ልዩ» የሚለው ክፍል ከሌሎቹ ሁሉ ከረዘመ ርእሶቹ ገና አልተለዩም ማለት ነውና እነዚያን መዝሙሮች ብቻ አውጥተው እንደገና ያንብቧቸው።