ጋሼ «8 ቀን ይበቃል» ያሉት መሠረት ለምን ከ8 ቀን ያልፋል?

ምልክት። ደብረ ብርሃን አካባቢ የድንጋይ መሠረት ታስገነባለህ እንበል። ግንበኛውን ስትጠይቅ «8 ቀን ይበቃል» ይሉሃል። 8 ብለህ መዝግበህ ዕቅድ ታወጣለህ፤ ሥራው ግን ያልፋል። በሚቀጥለውም እንደዚያው።

ምክንያት። ጋሼ አልዋሹም። 8 ቀን ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ቁጥር ነው። ነገር ግን ድንጋዩ በጊዜ ደርሶ፣ ሠራተኛው ሳይቀር ሁሉ ቢሳካ 6 ቀን ይፈጃል፤ መረሬው ጭቃ ሆኖ ገልባጩ መኪና ከተያዘና የተቆፈረው ውኃ ከሞላ ደግሞ 22። መፍጠን የሚቻለው 2 ቀን ብቻ ነው፣ መዘግየት ግን 14። ስለዚህ አማካዩ ከ8 በላይ ይወድቃል።

መፍትሄ። ሦስቱንም ጠይቅ፦ ሁሉ ሲሳካ፣ ብዙ ጊዜ፣ መጥፎ ሲሆን ስንት ቀን እንደሚፈጅ። መጀመሪያ መጥፎውን አስቀድም፤ 8 ካሉ በኋላ ከጠየቅህ «እንግዲህ ቢበዛ 10» ይሉሃል። «ጋሼ፣ ከእስከ ዛሬው ሥራዎ በጣም የቆየብዎ የትኛው ነው? ምን ገጥሞዎት?» ብለህ ጀምር። ከዚያ የብዙ ጊዜውን በ4 አባዝተህ ከሁለቱ ጫፎች ጋር ደምርና ለ6 አካፍል፦

```
(6 + 4×8 + 22) ÷ 6 = 10
```

ሌላ ምልክት። ሦስቱን ደምረህ ለ3 አካፍለሃል፤ 12 ወጣ፣ ዕቅድህም ተንዛዛ። እንዲህ ስታደርግ 22 ቀንን ከ8 ቀን ጋር እኩል ድምፅ ሰጠኸው። ጫፎቹ ግን ብርቅ ናቸው። ከላይ ባለው ስሌት ከ6 ድምፅ 4ቱ የብዙ ጊዜው ነው፣ ለእያንዳንዱ ጫፍ አንድ አንድ። ውጤቱ ወደ 8 የሚያደላው በዚህ ነው፤ 22ም ጎትቶ 10 ያደረሰው በአንዷ ድምፁ ነው።

ይህቺ 4 ግን ከሥራ ቦታ ተለክታ የመጣች አይደለችም። ቀመሩ በ1950ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚሳይል ፕሮጀክት ሲወጣ፣ የሥራው ጊዜ በአንድ ቦታ ጎላ ብሎ ወደ ጫፎቹ እየሳሳ ይሄዳል ተብሎ ተገምቶ የተቀመጠች ናት። ባለፉት ሥራዎችህ መጥፎው ጫፍ ደጋግሞ ከገጠመህ፣ 4 ለአንተ ይበዛል።

ቀመሩ የማይሠራበት ጊዜ። መጋቢት ላይ ከጀመርክ ጥያቄው አንድ ነው፦ በልግ ዘነበ ወይስ አልዘነበም? ያኔ ጊዜው በመሃል አይጎላም፤ በሁለት ቦታ ይከማቻል። ደረቅ ከሆነ 8 ቀን አካባቢ፣ ከዘነበ 20 አካባቢ፤ 13 ወይም 14 ቀን የሚፈጅበት ጊዜ እምብዛም ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለያይተህ ገምት። አካባቢው ከ4 ዓመት በአንዱ በዚያ ሰሞን የሚዘንብበት ከሆነ፦

```
(3×8 + 1×20) ÷ 4 = 11
```

ለባለቤቱ ግን 11 ብለህ አትቁረጥለት። «ካልዘነበ 8፣ ከዘነበ 20» በለውና ሲሚንቶውን መቼ እንደሚያስጭን ራሱ ይወስን።