አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሩ፦ አማካይ፣ ሚዲያንና ሞድን ለምታስተምሩ

አማካይ፣ ሚዲያንና ሞድን ስታስተምሩ ሦስት የተለያዩ ዝርዝሮች አትስጡ። አንድ ዝርዝር ስጡና አንዷን ቁጥር ቀይሩ። ለምሳሌ የሰባት ሠራተኞች የወር ደመወዝ በብር፦

5,000፣ 5,000፣ 6,000፣ 7,000፣ 8,000፣ 8,500፣ 9,500

አማካዩም ሚዲያኑም 7,000 ነው። አሁን 9,500ን አጥፉና 79,500 ጻፉ፤ ሥራ አስኪያጁ ነው በሏቸው። ከማስላታቸው በፊት የትኛው እንደሚንቀሳቀስ ይገምቱ፣ ግምታቸውንም ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። አማካዩ ወደ 17,000 ይዘላል። ሚዲያኑ ንቅንቅ አይልም።

ከዚያ «ከሰባቱ ስንቱ 17,000 ያገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም! ስድስቱ ከዚያ በጣም በታች ናቸው። ትምህርቱ የሚገባቸው እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ።

አንድ ጥንቃቄ፦ 79,500ን ስምንተኛ አድርጋችሁ አትጨምሩት። ሚዲያኑ 7,500 ይሆንና ተማሪው ሚዲያንም በሩቅ ቁጥር የሚናወጥ ይመስለዋል። በቁጥሩ ፋንታ መተካት ይሻላል።

ተማሪዎች ወዲያው «እንግዲህ አማካይ አይረባም» ይላሉ። ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት፦ ድርጅቱ በወር ስንት ብር ያስፈልገዋል? 17,000 ሲባዛ በ7፣ 119,000። ሚዲያን ይህን ሊነግረን አይችልም።

ሞድ እዚህ 5,000 ነው፤ ዝቅተኛው ደመወዝ ስለሆነ ብዙ አይጠቅምም። ለእሱ የጫማ ቁጥር አምጡ፦ 38፣ 39፣ 40፣ 40፣ 40፣ 41፣ 46። አማካዩ 40.57 ገደማ ነው፤ ባለሱቁ ግን በብዛት የሚያመጣው 40 ቁጥርን ነው።