የ2×2 ማትሪክስ አይገንቫልዩና አይገንቬክተር በእጅ እንዴት ይገኛል

አንድን ቬክተር በማትሪክስ ስናበዛው አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱም አቅጣጫውም ይለወጣል። አንዳንድ ቬክተሮች ግን ከመስመራቸው አይወጡም፤ ቢረዝሙም፣ ቢያጥሩም፣ ወደ ኋላ ቢዞሩም እዚያው መስመር ላይ ናቸው። እነዚህ አይገንቬክተር ይባላሉ። በስንት እንደተባዙ የሚነግረን ቁጥር ደግሞ አይገንቫልዩ ነው፤ በላምዳ (λ) ይጻፋል። «አይገን» የጀርመንኛ ቃል ሲሆን «የራስ» እንደማለት ነው። በቀመር ሲጻፍ Av = λv ይሆናል፤ v ዜሮ ቬክተር መሆን አይችልም።

ለሥራው ይህን ማትሪክስ እንውሰድ። ሁለት ኔጌቲቭ ቁጥሮች ያሉበት ሆን ተብሎ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምልክት ላይ ነውና።

```
A = | 7  -4 |
    | 5  -2 |
```

አንደኛ፦ λን ከዲያጎናሉ ላይ መቀነስ

Av = λv የሚለውን ወደ አንድ ጎን ስናመጣው (A − λI)v = 0 ይሆናል። I በዲያጎናሉ ላይ 1፣ በሌላው ቦታ 0 ስላለው፣ λ የሚቀነሰው ከ7 እና ከ−2 ብቻ ነው። −4 እና 5 አይነኩም።

```
A - λI = | 7-λ    -4  |
         |  5    -2-λ |
```

ከታች በቀኝ በኩል ያለው −2−λ እንጂ −2+λ ወይም 2−λ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ዲተርሚናንቱን ከዜሮ ጋር ማስተካከል

(A − λI)v = 0 ከዜሮ ቬክተር ሌላ መልስ የሚኖረው ዲተርሚናንቱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ለ2×2 ይህ ማለት አንዱ ረድፍ የሌላው ብዜት ሆኗል ማለት ነው። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ኋላ ስህተት የሚያዘው በእሱ ነው።

```
(7-λ)(-2-λ) - (-4)(5) = 0
λ² - 5λ - 14 + 20 = 0
λ² - 5λ + 6 = 0
(λ-2)(λ-3) = 0
```

ስለዚህ λ = 2 እና λ = 3።

አጭር መንገድም አለ። የዲያጎናሉ ድምር ትሬስ ይባላል፤ እዚህ 7 + (−2) = 5 ነው። የ A ዲተርሚናንት ደግሞ −14 + 20 = 6 ነው። እኩልታው ሁልጊዜ λ² − (ትሬስ)λ + (ዲተርሚናንት) = 0 ስለሆነ በቀጥታ መጻፍ ይቻላል። የሁለቱ አይገንቫልዩ ድምር ትሬሱን፣ ብዜታቸው ዲተርሚናንቱን መስጠት አለበት፦ 2 + 3 = 5፣ 2 × 3 = 6።

ይህ ማረጋገጫ ጥሩ ቢሆንም ሁሉንም ስህተት አይዝም። −(−4)(5) የሚለውን +20 በማለት ፈንታ −20 ብንል ዲተርሚናንቱ −34 ይወጣል፤ እኩልታውም λ² − 5λ − 34 = 0 ይሆናል። ከዚህ የሚገኙት ሁለት ቁጥሮች ድምራቸው 5፣ ብዜታቸው −34 ስለሆነ ማረጋገጫውን በሰላም ያልፋሉ፤ ምክንያቱም የምናወዳድራቸው ራሱ ከተበላሸው ዲተርሚናንት ጋር ነው። ስህተቱ የሚጋለጠው ቀጥሎ ባለው ደረጃ ነው።

ሦስተኛ፦ ለእያንዳንዱ λ ቬክተሩን መፈለግ

λ = 2ን ስንተካ፦

```
A - 2I = | 5  -4 |
         | 5  -4 |
```

ሁለቱ ረድፎች አንድ ናቸው። ይህ የሚያስደነግጥ ሳይሆን የሚፈለግ ነገር ነው፤ አንዱን ጥለን በሌላው እንሠራለን። 5x − 4y = 0፣ ማለትም 5x = 4y። አንድ የሚበቃ መልስ x = 4፣ y = 5 ነው። እዚህ ላይ 5x ስላየን ብቻ x = 5 ብለን መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ 5 × 5 = 4 × 4 እንደማይሆን በዓይን ይታያል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ረድፉ (p, q) ከሆነ ቬክተሩ (−q, p) ነው። ቦታ እናለዋውጣለን፣ የአንዱንም ምልክት እንገለብጣለን። (5, −4) ስለዚህ (4, 5)ን ይሰጣል።

λ = 3ን ስንተካ፦

```
A - 3I = | 4  -4 |
         | 5  -5 |
```

አሁን ረድፎቹ አንድ አይደሉም፤ ግን ሁለቱም x = y ነው የሚሉት። ቬክተሩ (1, 1) ነው። (2, 2) ወይም (−7, −7) ብሎ የመለሰ ሰውም አልተሳሳተም፤ መስመሩ አንድ ነው።

ረድፎቹ ብዜት ሆነው ካልተገኙ ግን መቀጠል የለብንም። ለምሳሌ በስህተት λ = 4 ብንል ረድፎቹ (3, −4) እና (5, −6) ይሆናሉ። ከሁለቱ እኩልታዎች የሚገኘው መልስ x = 0፣ y = 0 ብቻ ነው። «አይገንቬክተሩ (0, 0) ነው» የሚል መልስ ከወጣ ቬክተሩን ትተን ወደ λ እንመለስ፤ የተበላሸው እዚያ ነው።

አራተኛ፦ በዋናው ማትሪክስ ማብዛት

የመጨረሻው ፍተሻ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በ A − λI ሳይሆን በ A ራሱ ይሠራል።

```
A(4,5) = (28-20, 20-10) = (8,10) = 2(4,5)
A(1,1) = (7-4, 5-2)     = (3,3)  = 3(1,1)
```

የሚያደናግሩ ሁኔታዎች

ከሁሉ የከፋው ልማድ λን ከመፈለግ በፊት A ላይ የረድፍ ለውጥ ማድረግ ነው። እኩልታ ሲፈታ ረድፍ ማለዋወጥ መልስ ስለማይለውጥ እዚህም የማይለውጥ ይመስላል። የእኛን ማትሪክስ ረድፎች ብናለዋውጥ ግን (5, −2) እና (7, −4) ይሆናሉ፤ ትሬሱ 1፣ ዲተርሚናንቱ −6፣ አይገንቫልዩዎቹም 3 እና −2። ማትሪክሱ ሌላ ሆነ ማለት ነው። ረድፍ ማቅለል የሚፈቀደው λ ከተተካ በኋላ፣ ቬክተሩን ስንፈልግ ነው።

እኩልታው በፋክተር ካልተፈታ ኳድራቲክ ፎርሙላውን እንጠቀማለን፤ ነገር ግን ስኩዌር ሩቱን ወደ ዴሲማል አንቀይረው። ረድፎቹ (1, 1) እና (1, 0) የሆኑት ማትሪክስ λ² − λ − 1 = 0 ይሰጣል፤ λ = (1 ± √5)/2። 1.618 ብለን ከተካን ረድፎቹ ትክክለኛ ብዜት ስለማይሆኑ የተሳሳትን ይመስለናል። ይልቅ λን እንደ ፊደል ትተን ቀለል ያለውን ሁለተኛ ረድፍ (1, −λ) እንውሰድ፤ ቬክተሩ ወዲያው (λ, 1) ሆኖ ይወጣል።

λ ሲደጋገምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ረድፎቹ (3, 1) እና (−1, 1) ከሆኑ እኩልታው (λ − 2)² = 0 ነው። λ = 2ን ስንተካ x + y = 0 ብቻ ይቀራል፤ ያለው አንድ አቅጣጫ (1, −1) ነው፤ ሁለተኛ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። በአንጻሩ A − λI ሙሉ በሙሉ ዜሮ ከሆነ፣ ለምሳሌ በዲያጎናሉ ላይ 2 እና 2፣ በሌላው ቦታ 0 ያለው ማትሪክስ፣ ከዜሮ በቀር ማንኛውም ቬክተር አይገንቬክተር ነው።

ረድፎቹ (0, −1) እና (1, 0) የሆኑት ማትሪክስ ደግሞ λ² + 1 = 0 ይሰጣል። ይህ ማትሪክስ ቬክተርን በ90 ዲግሪ ያዞራል፤ ከመስመሩ የማይወጣ ቬክተር በሪል ቁጥሮች ውስጥ የለም። አይገንቫልዩዎቹ i እና −i ናቸው፤ ደረጃዎቹ ግን ያው ናቸው፦ λ = iን ስንተካ ሁለተኛው ረድፍ (1, −i) ይሆናል፣ ቬክተሩም (i, 1)።